የወላጅ ፈቃድ

«የወላጅ ፈቃድ» እና «የዕድሜ ማረጋገጫ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጉግል የአሜሪካ ተጠቃሚ ከ13 ዓመት በታች መሆኑን ሲያውቅ ነገሩ እንዲስተካከል 14 ቀን ይሰጣል፤ ካልሆነ አካውንቱን ይዘጋል። ባለቤቱ የ11 ዓመት ልጅ ከሆነ የሚፈለገው ፈቃድ ነው፤ አባት ወይም እናት በራሳቸው አካውንት ፋሚሊ ሊንክ ገብተው ይስማማሉ፣ ልጁም በእነሱ ቁጥጥር ሥር ይቀጥላል። አንዳንድ ወላጆች ግን ቸኩለው የራሳቸውን መታወቂያ ይልካሉ። ይህ አደገኛ ነው፤ ልጁ እንደ አዋቂ ይመዘገብና ለልጅ የተደረገለት ጥበቃ ይነሳል። መታወቂያ የሚላከው ዕድሜው የደረሰ ባለቤት የልደት ዘመኑ በስህተት ተጽፎ ከሆነ ነው፤ እሱም የባለቤቱ የራሱ። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያስገባ ቤተሰብም ልብ ይበል፦ ልጁ ከዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት በልጦ ይመዘገባል።