የሲስተር ዋርድ ፀሐይ

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ ሮችፎርድ በተባለ ሆስፒታል፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምትንከባከብ ሲስተር ዋርድ የተባለች ነርስ ነበረች። ቀኑ ሞቅ ሲል ልጆቹን ወደ ግቢው ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ አንዱን ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው። ቢጫ የነበረው ገላው ጠርቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ቀርቷል። ሐኪሙ ምን ቀባሽው ብሎ ጠየቃት። እሷም ምንም እንዳልቀባችው፣ ቢጫው የቀረው የአንሶላው ጫፍ ከፀሐይ የጋረደው ቦታ እንደሆነ ነገረችው።

ቆየት ብሎ ደግሞ የአንድ ቢጫ ሕፃን ደም በብልቃጥ ሆኖ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ሲለካ ቢጫው ቀንሶ ተገኘ። የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ይህን ይዘው መብራት ሠሩ፤ በ1958ም ውጤቱን አሳተሙ።

ቢጫው ምንድን ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ቢሊሩቢን ይባላል። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ከፍራሹ ይህ ቢጫ ነገር ይወጣል። እንደ ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድምና በሽንት ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ጉበት ተቀብሎ ግሉኩሮኒክ አሲድ ያጣብቅበትና በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል። ከዚያ በሐሞት ቧንቧ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ሰገራን ቡናማ የሚያደርገውም እሱው ነው።

አራሱ ልጅ ጋ ችግሩ ከጉበት ደጃፍ ይጀምራል። የደም ሴሎቹ ብዙ ናቸው፤ የአዋቂ 120 ቀን ሲኖር የእሱ ቶሎ ይፈርሳል። ያንን አሲድ የሚያጣብቀው ኢንዛይም ደግሞ ገና አልነቃም፤ ሲወለድ ከአዋቂው መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ብዙ ጤነኛ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ገደማ ቢጫ ይሆናል፤ ጉበቱ ሲበረታም ይለቀዋል። ያልሟሟው ቢጫ ከመጠን ሲያልፍ ግን አንጎል ውስጥ ገብቶ ያበላሻል፤ አስፈሪው ይህ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ የሆነ ልጅም ያለ ምርመራ አይታለፍም፤ ብዙ ጊዜ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት አለበት። ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ የቢሊሩቢንን ቅርጽ ይቀይረዋል፤ የተቀየረውም የጉበትን አሲድ ሳይጠብቅ ይወጣል። ደጅ ላይ ያለ ፀሐይ ግን መጠኑ አይታወቅም፤ ለበረታ ቢጫነት የሚበጀው ሆስፒታል ያለው መብራት ነው።

አዋቂ ቢጫ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንዛይሙ ደህና ነው። በጉበት ብግነት የተጎዳው ጉበት ያዘጋጀውን ማስወጣት ያቅተዋል፤ አለዚያም የሐሞት ጠጠር ወይም የቆሽት ካንሰር ቧንቧውን ይዘጋል። የሟሟው ቢጫ ወደ ደም ይመለስና ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፤ መንገዱ ፈጽሞ ከተዘጋ ሰገራው ይነጣል። ለዚህ ሰው መብራት አይፈይድም፤ የተዘጋው መከፈት አለበት።

አንዳንድ ሕፃንም እንዲሁ የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ይገኛል። ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ቢጫ ከሆነ ሰገራውን እዩ። ነጭ ወይም አመድማ ከሆነ ፀሐይ ማሞቁን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ቀዶ ሕክምናው የሚሻለው ሁለት ወር ሳይሞላው ነውና።