የሴሚስተር ውጤት አማካይ (ጂፒኤ)

ጂፒኤ የፊደል ውጤቶች ተራ አማካይ አይደለም፤ እያንዳንዱ ውጤት በክሬዲት ሰዓቱ ይመዘናል። በተለመደው የኢትዮጵያ ስሌት ኤ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ 3፣ ሲ ፕላስ 2.5 ነጥብ ይይዛሉ። አንዲት ተማሪ በ4 ክሬዲት ካልኩለስ ሲ ፕላስ፣ በ3 ክሬዲት ፊዚክስ ቢ፣ በ3 ክሬዲት ኢኮኖሚክስ ኤ ማይነስ፣ በ2 ክሬዲት ሥነ ዜጋ ኤ አመጣች እንበል። ብዜቶቹ 10፣ 9፣ 11.25 እና 8 ሲደመሩ 38.25 ይሆናሉ፤ ለ12 ሲካፈል 3.19 ይወጣል። ክሬዲቱን ረስቶ አራቱን ነጥቦች ለ4 ያካፈለ ግን 3.31 ያገኛል፤ ስህተቱ ከባዱን ትምህርት ከቀላሉ እኩል ማድረጉ ነው። ክሬዲት የትምህርቱን ክብደት ሁልጊዜ አይለካም የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው፤ ሆኖም በሳምንት የሚወስደውን ጊዜ ስለሚያሳይ ከእኩል ክፍፍል ይሻላል።

ፊደሉ ራሱ ግን ድንበር ሲሻገር ይለወጣል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ኤን ከመቶ 70 ይጀምራል፤ በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ከ85 ነው። ስለዚህ ከናይሮቢ የመጣን ትራንስክሪፕት በፊደሉ ብቻ ወደ 4 ነጥብ መለወጥ ውጤቱን ያዛባል፤ ከመቶ የተሰጠውን ማርክ ይጠይቁ።