ማናበቢያ ልክ፦ ድምፁ ከበሮውን ሲቀድም

ላምበረት አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በሁለት ካሜራ ስናስተላልፍ ጉድለቱን ያሳየን ከበሮው ነው። ድምፁ ተሰምቶ ካለፈ በኋላ የመቺው እጅ ገና ወደ ቆዳው ሲወርድ ይታያል። ስብከቱ ላይ ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ከንፈር ትንሽ ቢዛነፍ ዓይን ያልፈዋል፣ የከበሮ ምት ግን ወዲያው ያስታውቃል።

በOBS ላይ ይህን የሚያስተካክለው ቁጥር Sync Offset ይባላል። እኔ «ማናበቢያ ልክ» እለዋለሁ። «ማዘግያ» እንዳልል ቁጥሩ ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል፤ «ማመሳሰያ» ደግሞ ፋይል ማመሳሰልን ያስታውሳል። መናበብ ግን መዘምራኑና ከበሮ መቺው ራሳቸው የሚሉት ቃል ነው።

ድምፁ ከሚክሰር በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይገባል። ምስሉ ግን ካሜራው ውስጥ ይቀናበራል፣ በካፕቸር ካርድ በኩል ያልፋል፣ ስለዚህ ይዘገያል። ምስሉን ማፍጠን አይቻልም፤ የሚቻለው ድምፁን ማስጠበቅ ነው።

ለምን ያህል ጊዜ? በግምት አይገኝም፣ ይለካል። ምእመናን ሳይገቡ አንድ ሰው ሁለቱም ካሜራዎች በሚያዩት ቦታ ከማይክራፎኑ አጠገብ ቆሞ ያጨብጭብ። የካሜራዎቹን የራሳቸውን ድምፅ ዝጉ፤ ካልተዘጋ ማሚቶ ይፈጥራል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቅረጹና ቅጂውን በቪዲዮ ማቀናበሪያ ከፍታችሁ ከድምፁ እስከ እጆቹ መገናኘት ስንት ፍሬም እንዳለ ቁጠሩ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንዱ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው።

እኛ ስንቆጥር በገመድ የገባው ካሜራ 3 ፍሬም፣ ማለትም 120 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቷል። በዋይፋይ የገባው ስልክ ደግሞ 8 ፍሬም፣ 320 ሚሊ ሰከንድ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራው ሁለት፣ ድምፁ ግን አንድ ነው። 120 ብንሞላ ወደ ስልኩ በቀየርን ቁጥር ከበሮው እንደገና ይዛነፋል። ስለዚህ ሁሉም የሚጠብቀው የዘገየውን ነው። በAudio Mixer ውስጥ Advanced Audio Properties ከፍተን የሚክሰሩ ድምፅ Sync Offset ላይ 320 ሞላን። ፈጣኑን ካሜራ ደግሞ ከFilters ውስጥ Video Delay (Async) ጨምረን 200 አዘገየነው።

አዳራሹ በሰውና በስልክ ሲሞላ ግን ዋይፋዩ ይጨናነቃል፣ የስልኩም መዘግየት ከደቂቃ ደቂቃ ይለዋወጣል። ለሚለዋወጥ መዘግየት የሚሆን ቋሚ ቁጥር የለም። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ እንደገና ለኩና ሁለቱንም ቁጥሮች በአዲሱ ልክ ሙሉ። ከዚያ ከበሮ መቺው ጥቂት ይምታ፣ ሁለቱንም ካሜራ እየቀያየራችሁ ቅረጹና ተመልከቱ። አሁን በሁለቱም ካሜራ እጁ ቀድሞ ድምፁ ከተከተለ ማናበቢያ ልኩ በዝቷል፤ 40 ቀንሱና ድገሙት።