ግራጫው አስቀድሞ ይመረጥ፦ ከዓባይ ሸለቆ እስከ ጮቄ የሚወጣ ካርታ በጥቁርና ነጭ ኅትመት

ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው ቆላን፣ ወይና ደጋን፣ ደጋንና ውርጭን በየተራ ያልፋል። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህንኑ በካርታ ሲያሳይ ቆላውን በቀይ፣ ወይና ደጋውን በቢጫ፣ ደጋውን በአረንጓዴ፣ ውርጩን በሰማያዊ ቀባ እንበል። ስክሪን ላይ አራቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ግን የሸለቆው ሙቀትና የደጋው ብርድ አንድ ዓይነት ግራጫ ለብሰዋል።

ምክንያቱ ስሌት ነው። ቀለም ወደ ግራጫ ሲለወጥ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

```
Y = 0.299R + 0.587G + 0.114B
```

0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ደማቁ ቀይ (255, 0, 0) 76 ይሆናል፤ የተለመደው አረንጓዴ (0, 128, 0) ደግሞ 75። የአንድ ነጥብ ልዩነት ለዓይን ምንም አይደለም። ቢጫው 226 ላይ ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር ሊመሳሰል ይቃጣዋል፤ ሰማያዊው 29 ላይ ወርዶ ሊጠቁር ይደርሳል። ከፍታው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ግራጫው ያለ ሥርዓት ይዘላል ማለት ነው።

ስለዚህ ግራጫው ቀድሞ ይመረጥ፣ ቀለሙ ይከተለው። ለቆላ ፈዛዛ ቢጫ (255, 255, 178)፣ ለወይና ደጋ ብርቱካናማ (253, 174, 97)፣ ለደጋ አረንጓዴ (60, 140, 80)፣ ለውርጭ ጥቁር ሰማያዊ (0, 0, 128) ብንሰጥ ግራጫቸው 246፣ 189፣ 109 እና 15 ይሆናል። ከፍ ባልን ቁጥር ይጠቁራል። ፈዛዛው ቢጫ ከወረቀቱ እንዳይቀላቀል በየወሰኑ ጥቁር መስመር ይሰመር። ውርጩ ላይ የሚጻፈው ስም ነጭ ይሁን። በ`QGIS` የሚሠራ ሰው የካርታ ገጹን ሲያዘጋጅ በ`View > Preview` ግራጫውን ሳያትም ማየት ይችላል።

ስክሪኑ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ጥቁርና ነጭ ሌዘር ማተሚያ ያለው ቶነር ጥቁር ብቻ ነው፤ ግራጫን የሚሠራው በጥቃቅን ነጠብጣብ ነው። ሰፊ መደብ ይህን ይችላል፤ ቀጭን መስመርና ፊደል ግን ይቆራረጣሉ። በመሆኑም ውርጩ ላይ ካለው ነጭ ስም በቀር ጽሑፍ ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሁን፤ መንገድና ወንዝም በግራጫ ከሚለዩ አንዱ ድፍን፣ ሌላው የተቆራረጠ መስመር ቢሆኑ ይሻላል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኃምስን ከሣልስ የሚለየው እግሩ ሥር ያለች ትንሽ ቀለበት ናት። ቶነር ቀለበቷን ሲሞላት በካርታው ላይ ከተጻፉት የሰብል ስሞች ስንዴ «ስንዲ»፣ ጤፍ «ጢፍ» ይመስላል። በ10 ነጥብ የተጻፈ ስም ካርታው ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲቀነስ ወደ 7 ነጥብ ይወርዳል፤ መጠኑ መታሰብ ያለበት ከተቀነሰ በኋላ ባለው ነው። ወፍራምና ቀጭን ጭረት ከሚያፈራርቅ ፎንት ይልቅ ጭረቱ እኩል የሆነ ይመረጥ። ደማቅ አድርጎ መጻፍ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ቀለበቷን ይበልጥ ያጠብባታል። የቀጠናዎቹ ስሞች የቀለም መፍቻ ሳጥን ውስጥ ከሚታጨቁ በየቦታቸው ቢጻፉና ከወሰን መስመሩ ራቅ ቢሉ አንባቢው ግራጫን ከግራጫ ሲያነጻጽር አይደክምም።

ጽሑፉ ከመጠረዙ በፊት የካርታውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒውንም እንደገና ኮፒ አድርጉ። ሁለተኛው ላይ ጤፍ «ጢፍ» ተብሎ ከተነበበ ፊደሉ ይተለቅ።