ራስ ምታት ሲነሳ ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ?

እዚህ ወድ ኤል ሒለው አጎንብሼ ደብተር ሳርም ስውል የሚነሳብኝ የውጥረት ራስ ምታት ነው። ራስን በሻሽ ጥብቅ አድርገው እንዳሰሩት ሁለቱንም ጎን ይጫናል፣ ትከሻም ይከብዳል። ለሱ ሙቅ ነው የሚስማማው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና ማጅራት ላይ 15 ደቂቃ አቆዩት። ቆዳ እንዳያቃጥል መጀመሪያ በክንዳችሁ ሞክሩት።

ማይግሬን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ትር ትር ይላል፤ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃን ያስጠላል። ለሱ ቀዝቃዛ ይሻላል። በረዶ ባይገኝም ከዚር በተቀዳ ውሃ የራሰ ጨርቅ ግንባር ላይ አድርጋችሁ ጨለም ያለ ቦታ ተኙ፤ ጨርቁ ሲሞቅ መልሳችሁ ንከሩት።

ትኩሳት ካለ ወባ፣ አንገትም ከደረቀ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ክሊኒክ ሂዱ።