ይህን ግንብ ማን ሠራው?

ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እንግዳ የሚያስጎበኝ ተማሪ ቶሎ የሚለምደው አንድ ጥያቄ አለ። ጎብኚው በሩን አልፎ ገብቶ፣ ቀና ብሎ 32 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የአፄ ፋሲልን ግንብ ያይና "ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት?" ይላል። እኔ እዚያው ጎንደር ኢንጂነሪንግ ስማር ከሰኞ እስከ አርብ ክፍል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ፈቃድ ካለው አንድ አስጎብኚ ጋር ነው የምሠራው፤ እሱ ፈረንጆቹን ሲይዝ እኔ የአገር ውስጡን እንግዳ እይዛለሁ። ጥያቄው ግን ከሁለቱም ወገን ይመጣል።

"አይደሉም፣ እኛ ነን!" ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ጭብጨባም ያስገኛል፣ አንዳንዴም ጉርሻ። ችግሩ፣ ትንሽ ያነበበ ሰው ከመጣ ሁለት ጥያቄ አይቋቋምም። ስለዚህ ከዘመኑ መጀመር ይሻላል።

የፖርቱጋል ወታደሮች በክሪስቶቫው ዳ ጋማ እየተመሩ የመጡት በ1541 እ.ኤ.አ. ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው ደግሞ በ1636፣ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ። በመሃል የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ኢየሱሳውያን መጥተዋል፤ ከነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ ጎርጎራ ላይ ለአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት አሠርቷል። እሱም ግን በ1622 ሞቷል። ፋሲል በ1632 ሲነግሥ የመጀመሪያ ሥራው የተዋሕዶን ሃይማኖት መመለስ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑን አባረራቸው። ያባረራቸውን ሰዎች ቤቴን ሥሩልኝ ሊላቸው አይችልም። እዚህ ጋ ብዙው ጎብኚ ይስቃል።

(ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልበል። የአገር ውስጥ እንግዳ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚያስበው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ትቀንሳላችሁ። ፋሲል የነገሠው በሰኔ ስለሆነ 1632 ሲቀነስ 8፣ 1624 ይሆናል። የሞተው በጥቅምት ስለሆነ ደግሞ 1667 ሲቀነስ 7፣ 1660። ወሩን ያላወቀ አስጎብኚ አንድ ዓመት ይስታል፤ ጎብኚው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ያያል።)

ከዚያ ወደ ግድግዳው እናመራለን። እጃችሁን አስነካችሁ ታሳያላችሁ፦ ጥቁሩ ድንጋይ የአካባቢው ባዛልት ነው፤ በመስኮቱና በበሩ ቅስት ዙሪያ ያለው ቀላ ያለው ለመጥረብ የሚቀል ሌላ ድንጋይ ነው። መሃላቸው ያያያዛቸው ኖራ ነው። የፖርቱጋል ወሬ ትንሽ እውነት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በኖራ መገንባት የተስፋፋው በሱስንዮስ ዘመን፣ ሚስዮናውያኑ አገር ውስጥ ሳሉ ነው። ያን ጊዜ የመጣው ዕውቀት ሰዎቹ ሲባረሩ አብሯቸው አልሄደም። ስለ ህንድ ግንበኞችም ይነገራል። ከባሕር ዳር በመኪና የመጣ እንግዳ ደግሞ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ከኮረብታው ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ አይቶ ሊሆን ይችላል። ያ በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ነው የሚነገረው፤ ከፋሲል በፊት መሆኑ ነው።

ዲዛይኑንና ጉልበቱን ከለያችሁ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሐሳቡ ከብዙ ቦታ ተቀላቅሏል፤ ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው ግን የአካባቢው ሰው ነው። ከነዚህ ውስጥ ቤተ እስራኤሎች ይገኙበታል፤ ጎንደር ውስጥ በግንበኝነት፣ በአናጺነትና በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። አብዛኛው ጉብኝት ይህን ይዘለዋል። ከእስራኤል የሚመጡ ቤተሰቦች ሲኖሩ ግን አይዘለልም፤ ሽማግሌዎቹ ቅስቱን ዝም ብለው ሲያዩ ልጆቹ በዕብራይስጥ የአንበሳው ቤት የት ነው እያሉ ይጎትቷቸዋል።

በመጨረሻ የአፄ ኢያሱ ግንብ ጋ እንደርሳለን። ጣሪያ የለውም። እዚህ ደግሞ ጥያቄው "ማን አፈረሰው?" ነው። መልሱ ሁለት ነው፦ የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አናግቶታል፤ ከ237 ዓመት በኋላ ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ይዘውት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ጎንደር ከጣሊያን እጅ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የትኛው ስንጥቅ የመሬቱ፣ የትኛው የቦምቡ እንደሆነ በዓይን አይለይም። "ይቺ የቦምብ ናት" እያለ በጣቱ የሚያሳይ አስጎብኚ ሰምቻለሁ፤ ፎቶ ይነሱባታል። እኔ ሁለቱንም ነግሬ፣ ቲኬቱን እንዳይጥሉት አስታውሳቸዋለሁ፤ የፋሲል መዋኛ በር ላይም ይጠየቃል።