አንጻራዊ ሐረግ በካምፓላ ቋንቋ፤ የአንድ መሰላል ታሪክ

የካምፓላ ከተማ በቡጋንዳ ምድር ላይ የተቈረቈረች ስለ ሆነች የገበያዋና የሰፈሯ ዋና መነጋገሪያ ሉጋንዳ ነው። ይህ ቋንቋ ለብዙ ዘመን የተጻፈበት ሰዋስው ለትምህርት ቤትና ለመንግሥት ሥራ ማስተማሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ግን የሉጋንዳ አንድ የሰዋስው ጠባይ ከክፍል ውጭ ወጥቶ፣ የሰው ልጅ ቋንቋዎች ሁሉ የሚጋሩት ሕግ አለ ወይስ የለም በሚለው ክርክር ውስጥ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ያ ጠባይ የአንጻራዊ ሐረግ አሠራር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

አንጻራዊ ሐረግ ማለት ስምን ከሌላው ለይቶ ለማሳወቅ ከስሙ ጋር የሚያያዝ፣ በውስጡ ግስ ያለው ሐረግ ነው። «የገዛሁት መጽሐፍ» በተባለ ጊዜ «የገዛሁት» የሚለው መጽሐፉን ከሌሎች መጻሕፍት ይለየዋል። መጽሐፉ በሐረጉ ውስጥም ሥራ አለው፤ የመግዛት ተሳቢ እርሱ ነውና። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ስሙ በሐረጉ ውስጥ ሊይዘው የሚገባው ስፍራ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ወይስ ስሙን የሚተካ ተውላጠ ስም ይገባበታል? በዓለም ላይ ሁለቱም መንገድ አለ። የመጀመሪያው የባዶ ስፍራ፣ ሁለተኛው የመላሽ ተውላጠ ስም መንገድ ሊባል ይችላል።

ስለ ሉጋንዳ ይህን ነገር በሰፊው ካስቀመጡት መጻሕፍት አንዱ በ1954 በለንደን የታተመው የሉጋንዳ ሰዋስው ነው። አዘጋጆቹ አሽተን፣ ሙሊራ፣ ንዳውላና ታከር ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ሙሊራና ንዳውላ፣ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ኤሪዳዲ ሙሊራም መምህር የነበሩና በኋላ ወደ ፖለቲካ የገቡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሊቪንግስተን ዋሉሲምቢ የተባሉ የኡጋንዳ ምሁር በ1970 ከታልሚ ጊቮን ጋር ስለ ሉጋንዳ አንጻራዊ ሐረግ ጽሑፍ አወጡ፤ በ1976ም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በዚሁ ርእስ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። በኋላም በካምፓላ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የቋንቋው ልጅ ራሱ የቋንቋውን ምስክርነት መመርመር የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ1977 ኤድዋርድ ኪናንና በርናርድ ኮምሪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት «ሊንጉዊስቲክ ኢንኳየሪ» በተባለው መጽሔት፣ ኀምሳ ያህል ቋንቋዎችን አነጻጽረው ያገኙትን አሳተሙ። አሳባቸው አንድ መሰላል ነው። በላይኛው ደረጃ ባለቤት ይቆማል፤ ቀጥሎ ቀጥተኛ ተሳቢ፣ ከዚያ ተቀባይ ተሳቢ፣ ከዚያ በመስተዋድድ የሚገባው ስም፣ ከዚያ አገናዛቢ፣ በመጨረሻም የማወዳደሪያ ስም ይመጣል። ማናቸውም ቋንቋ ቢሆን ባለቤትን በአንጻራዊ ሐረግ መለየት ይችላል። አንድ መንገድም ከላይ ተነሥቶ እስከ አንድ ደረጃ ከወረደ በመካከል ያለውን ደረጃ አይዘልም፤ የትም ደረጃ ላይ ግን ሊቆም ይችላል። ደግሞም ወደ ታች በተወረደ መጠን የመላሽ ተውላጠ ስም መንገድ ይበዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባዶ ስፍራ ሰሚው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው ይተወዋል፤ ስፍራው ሩቅና አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ ተውላጠ ስም እንደ ምልክት ሆኖ ስፍራውን ያሳየዋል።

ሉጋንዳ በዚህ መሰላል ላይ እንዴት እንደሚቆም በምሳሌ መከተል ይገባል። «ሰዎች ሄዱ» ለማለት «አባንቱ ባጌንዳ» ይባላል፤ «የሄዱ ሰዎች» ለማለት ደግሞ «አባንቱ አባጌንዳ»። ለውጡ በግሱ ፊት የተጨመረው አናባቢ ብቻ ነው። ባለቤቱ በዚህ ዐይነት ተለየ። ተሳቢን ለመለየት ግን ሌላ ምልክት ይገባል። «የገዛሁት መጽሐፍ» በሉጋንዳ «ኤኪታቦ ቼ ናጉላ» ነው። «ቼ» የመጽሐፉን ወገን ብቻ ይናገራል፤ መጽሐፉ በሐረጉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። በተራ ዐረፍተ ነገር «ገዛሁት» ለማለት «ናኪጉላ» ይባላል፤ በመካከል ያለው «ኪ» እርሱን ማለት ነው። በአንጻራዊው ሐረግ ግን ይህ «ኪ» ይወጣል፤ «ኤኪታቦ ቼ ናኪጉላ» አይባልም። እንግዲህ ስፍራው ባዶ ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዟል። «የገዛሁት መጽሐፍ» በማለት «ት» የሚለውን ምልክት ከግሱ ጋር ይዞ ይቀራል። ወደ ታችም ሲወርድ «ዶሮውን ያረደበት ቢላዋ» ይላል፤ «በት» የሚለው ቢላዋውን ይመልሳል። «ዶሮውን ያረደ ቢላዋ» የተባለ እንደ ሆነ ግን ቢላዋው ራሱ አራጅ ይሆናልና ነገሩ ይዛባል። በአገናዛቢውም ደረጃ «ክንዱ የተሰበረው ልጅ» ሲባል በ«ክንዱ» ላይ ያለው «ኡ» ልጁን ይመልሳል። ስለዚህ አማርኛ በተውላጠ ስም ተደግፎ ወደ መሰላሉ ታች ይወርዳል።

ሉጋንዳ ግን ባዶ ስፍራን ስለ መረጠ ቢላዋው ላይ ሲደርስ ይቸገራል። «ካቶ ዶሮ በቢላዋ ገደለ» ለማለት «ካቶ ያታ ኤንኮኮ ኔኪሶ» ይባላል፤ «ኔኪሶ» ማለት «ነ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር የተያያዘ «ኤኪሶ»፣ ማለትም ቢላዋ ነው። ከዚህ ላይ ቢላዋውን ነጥሎ፣ መስተዋድዱን ጥሎ ወይም ብቻውን አስቀርቶ አንጻራዊ ሐረግ ማበጀት በቋንቋው የተፈቀደ አይደለም። ታዲያ የካምፓላ ሰው ስለ ቢላዋው ዝም አይልም። ግሱን ይለውጠዋል። ለመግደል «ኩታ» ያለውን፣ በአንድ ነገር ለመግደል «ኩቲሳ» ያደርገዋል፤ በዚህ «ኢስ» በሚለው ጭማሪ ቢላዋው የግሱ ቀጥተኛ ተሳቢ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ኤኪሶ ካቶ ቼ ያቲሳ ኤንኮኮ» ማለት ይቻላል፤ ትርጓሜውም «ካቶ ዶሮ የገደለበት ቢላዋ» ነው። ቢላዋው በታችኛው ደረጃ ሳለ አልተደረሰበትም፤ ወደ ላይኛው ደረጃ ከወጣ በኋላ ግን ተደረሰበት።

ተመራማሪ የሚስተው በዚህ ስፍራ ነው። መጠይቅ ይዞ «የገደለበት ቢላዋ» የሚለውን እንዲተረጕሙለት የሚጠይቅ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ በመዝገቡም «ሉጋንዳ በመስተዋድድ የሚገባውን ስም ይለያል» ብሎ ይጽፋል። መዝገቡ ግን ሐሰት ይሆናል። እውነቱን ለመለየት ሁለት ነገር መመርመር ይበቃል። አንደኛ፣ በግሱ ላይ «ኢስ» የሚለው ጭማሪ መኖሩን ማየት ነው። ሁለተኛ፣ በተራው ዐረፍተ ነገር ቢላዋው የተሳቢን ስፍራ መያዙን መፈተን ነው። «ካቶ ያኪቲሳ ኤንኮኮ» ማለት ከተቻለ፣ «ኪ» በተሳቢ ስፍራ ገብቶ ቢላዋውን ስለ ተካ፣ ቢላዋው ተሳቢ ሆኗል ማለት ነው።

በአገናዛቢም ላይ ተመሳሳይ መንገድ ይታያል። «ካቶ የልጁን ክንድ ሰበረ» በሉጋንዳ «ካቶ ያሜኛ ኦሙኮኖ ጎምዋና» ነው። እንዲሁም «ካቶ ያሜኛ ኦምዋና ኦሙኮኖ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ካቶ ልጁን ክንዱን ሰበረው» እንደ ማለት ነው። ልጁ በዚህ አነጋገር ተሳቢ ስለ ሆነ «ኦምዋና ካቶ ጔ ያሜኛ ኦሙኮኖ» ብሎ ልጁን መለየት ይቻላል። ይህ መንገድ በተለይ የአካል ክፍልን በሚመለከት ይሠራል። ማወዳደሪያም እንዲሁ ነው፤ ሉጋንዳ «ይበልጣል» ለማለት «ኦኩሲንጋ» የሚል ግስ ስላለው፣ የሚበለጠው ሰው አስቀድሞ ተሳቢ ሆኖ ይገኛል። አማርኛም «ካቶ የሚበልጠው ሰው» ሲል በዚሁ ይመሳሰለዋል።

ነገር ግን መሰላሉ ሁሉን አጥርቶ ይናገራል ማለት አይደለም። ቤትን ለሚመለከት ነገር ሉጋንዳ «ኤኙምባ ምዌ ንሱላ» ይላል፤ «የማድርባት ቤት» ማለት ነው። «ምዌ» የውስጥነትን ምልክት ይዞ ስለሚመጣ ግሱን መለወጥ አያስፈልግም። ስፍራና መሣሪያ በመሰላሉ ላይ በአንድ ደረጃ ቢጻፉም በካምፓላ አነጋገር አካሄዳቸው የተለያየ ነው። መስጠትን በሚመለከትም «መጽሐፍ የሰጠሁት ሰው» ሲባል፣ ተቀባዩ በሉጋንዳ እንደ ማናቸውም ተሳቢ ስለሚሄድ፣ ሦስተኛው ደረጃ ከሁለተኛው ለመለየት ያዳግታል። ስለዚህ መሰላሉ ቋንቋዎችን ለማነጻጸር የተተከለ መለኪያ እንጂ የያንዳንዱ ቋንቋ ውስጣዊ ሥዕል አይደለም።

የሉጋንዳ ነገር ብቻውን አልቆመም። ኪናን ያጠኑት የማዳጋስካር ማላጋሲ ከዚህም ይልቅ የጠበበ ነው፤ በአንጻራዊ ሐረግ የሚለየው ባለቤትን ብቻ ነው። ቢሆንም ቋንቋው ግሱን በልዩ ልዩ መልክ እየለወጠ ተሳቢውንም መሣሪያውንም ባለቤት ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ይለየዋል። ማላጋሲ እስከ አንደኛው ደረጃ፣ ሉጋንዳ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ስሙን ያወጣሉ፤ አማርኛ ግን ስሙን በስፍራው ትቶ ተውላጠ ስም ይልክበታል።

ይህ ልዩነት በመምህሩ እጅ ያለውን የተማሪ ደብተርም ይነካል። አማርኛን ከእናቱ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ቢል፣ በመጨረሻ የጨመረው «ኢት» በቋንቋው ውስጥ ስፍራ ያለው ተውላጠ ስም ነው። የስንፍና ምልክት ሳይሆን የአማርኛ «ት» ነው። መምህሩ ቃሉን በቀይ ቀለም መሰረዙ ተገቢ ነው። ከዚያ ጋር ግን «የገዛሁት» የሚለውን በሰሌዳው ላይ ጽፎ «ት» የትኛውን ቃል እንደሚመልስ፣ እንግሊዝኛም ያንን ስፍራ ባዶ እንደሚተው ማሳየት አለበት። የሉጋንዳው ልጅ ደግሞ ተሳቢውን በሚለይበት ጊዜ ባዶ ስፍራን ከቤቱ ያውቀዋል፤ ለእርሱ የሚከብደው መሣሪያው ነው፤ በቋንቋው በግስ ለውጥ የሚናገረውን እንግሊዝኛ በመስተዋድድ ይናገረዋልና። ሁለቱ ልጆች በአንድ ክፍል ቢቀመጡ ለሁለቱ አንድ ትምህርት አይበቃም።